ለውዝ አለው ወይስ ለውዝ አለበት?

ከካርቱም የመጣ አንድ እንግዳ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ምግብ ቤት ገብቶ ተቀመጠ እንበል። ኦቾሎኒ ከቀመሰ ጉሮሮው ያብጣል፣ ትንፋሹ ይቆረጣል። አማርኛ አይችልም፤ አስተናጋጇም ዐረብኛ አታውቅም። እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ «ፉል ሱዳኒ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ፉልን በደንብ ታውቀዋለች፤ ጠዋት በትኩስ ዳቦ የሚቀርበው የባቄላ ቁርስ ነው። «ችግር የለም፣ ፉል አላመጣልህም» ትለዋለች በምልክት። እሱ ግን «ፉል ሱዳኒ» ሲል ኦቾሎኒ ማለቱ ነበር፤ ቃል በቃል «የሱዳን ባቄላ» ማለት ነው። ሜኑው ላይ «ለውዝ» የሚለውን ቃል ሰው ቢያነብለት እንኳ አይደነግጥም። በእሱ ቋንቋ «ለውዝ» አልሞንድ ነው፤ አልሞንድ ደግሞ ምንም አያደርገውም።

ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት፤ ማንም አልዋሸም። ቃሉ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

አማርኛ ራሱ በዚህ ቃል ላይ ሁለት ልብ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር አብቦ ያፈራው ለውዝ ነው፤ ያ ለውዝ የዛፍ ፍሬ፣ ዛሬ ቦሌ ያሉ ኬክ ቤቶች «አልሞንድ» የሚሉት ነው። መርካቶ በጆንያ የሚሸጠው፣ በባቢሌ የሚመረተውና መንገድ ዳር በወረቀት ተጠቅልሎ የሚቆረጠመው ለውዝ ደግሞ ከአፈር ውስጥ የሚወጣው ኦቾሎኒ ነው። ቦሌ ሚካኤል ያለ ሶማሊኛ ተናጋሪ ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን የራሱን ቃል ሲሰማ እንደ አማርኛ ተናጋሪው ኦቾሎኒን ያስባል። ጎኑ የተቀመጠው የመናዊ አልሞንድን ያስባል። እንግሊዝኛው «ነትስ» ሲል ዋልነትንም ካሹንም ፒስታቺዮንም በአንድ ይጠራል፤ ሜኑውን ያስተረጎመው ሰው ግን ሁሉንም «ለውዝ» ብሎት ያልፋል።

በሕክምናው ዓይን ኦቾሎኒ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው። አልሞንድ፣ ካሹና ዋልነት የዛፍ ፍሬ ናቸው። አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውን ያለ ችግር ሊበላ ይችላል፤ ሁለቱም የማይስማሙት ሰውም አለ። ስለዚህ የዓለም የምግብ ደረጃ ኮሚሽን፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ በአስገዳጅ ዝርዝሩ ኦቾሎኒን ለብቻው፣ የዛፍ ፍሬዎቹንም እያንዳንዳቸውን በስማቸው ይጠራል። ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲታደስ ሰሊጥም ከእነዚሁ ጋር ገብቷል፤ ሰሊጥ አምራች ለሆነች አገር ልብ ሊባል የሚገባው ለውጥ ነው።

የእነዚህ ሁለት ፍሬዎች መተካካት ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በሰሜን እንግሊዝ ፖል ዊልሰን የተባለ የ38 ዓመት ሰው ከአንድ የሕንድ ምግብ ቤት ቲካ ማሳላ ገዛ። ኦቾሎኒ እንደማይስማማው ያውቅ ስለነበር ሲያዝ ያለ ነት እንዲሠራለት ተናገረ፤ ምግቡም ላይ ያለ ነት መሆኑ ተጽፎበት መጣ። ቤቱ ግን ቀድሞ ወጡን የሚያወፍርበትን የአልሞንድ ዱቄት ትቶ በርካሹ፣ ኦቾሎኒ ባለበት ዱቄት ቀይሮት ነበር። ዊልሰን ሞተ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያው ባለቤት ሌላ ምግብ ቤት የበላች የ17 ዓመት ወጣትም ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህን ታሪክ ለአዲስ አበባ ሼፍ «ለውዝ» በሚለው ቃል ማስረዳት የሚሞክር ሰው ራሱ ወጥመዱ ውስጥ ይገባል፤ «የለውዝ ዱቄቱን በለውዝ ዱቄት ተካው» ከማለት ውጪ ምርጫ የለውም። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው። ሜኑው ላይ ከመሬት የሚወጣውን «ኦቾሎኒ»፣ የዛፉን «አልሞንድ»፣ «ካሹ» እያሉ መጻፍ፤ «ለውዝ» የሚለውን ለብቻው ፈጽሞ አለማስቀመጥ።

«ትንሽ ብቻ ነው ያለው» የሚለው መልስ ለምን እንደማያድን አንድ ቁጥር ያሳያል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ያሰባሰቧቸው ባለሙያዎች ለኦቾሎኒ ያስቀመጡት መነሻ መጠን 2 ሚሊግራም ፕሮቲን ነው። አንዲት የኦቾሎኒ ፍሬ ከዚህ በመቶ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ፕሮቲን ትይዛለች። ለሌላው ሰው ለጣዕም እንኳ የማይበቃ ቅሪት፣ በጭልፋ ጫፍ ከድስት ወደ ድስት የተሻገረ ነጠብጣብ፣ ለዚያ እንግዳ ከበቂ በላይ ነው።

ስሙ በትክክል ከተጻፈ በኋላ የሚቀረው ግሡ ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛ ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸው መሣሪያ አለው። «ኬኩ ኦቾሎኒ አለው» የሚል ጽሑፍ ግብዣ ይመስላል፤ አንባቢው ምራቁን ይውጣል። «ኬኩ ኦቾሎኒ አለበት» ሲባል ግን ጆሮ ይቀሰራል። ያቺ «በት» ብዙ ጊዜ ጉዳትን የምታመለክት ቅጥያ ናት፤ ዕዳ አለበት፣ ሕመም አለበት፣ መርዝ አለበት እንደምንለው። ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ሰው ይህችን ቅጥያ ከተጠቀመ ሌላ ማብራሪያ ሳይጨምር ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የሚገለበጠው «ኦቾሎኒ ሊይዝ ይችላል» ደግሞ ስለ ሳህን ስፋት የሚያወራ ይመስላል። «ኦቾሎኒ ሊነካካው ይችላል» ቢባል የወጥ ቤቱን እውነት ይናገራል፤ ሆን ተብሎ አልተጨመረም፣ ነገር ግን በዚያው ቢላና በዚያው መክተፊያ ሌላ ነገር ተሠርቷል ማለት ነው።

«ነፃ» የምትለው ቃል ይበልጥ አደገኛ ናት። «ግሉተን ነፃ» ተብሎ ሲጻፍ ያልለመደው አንባቢ ግሉተን የተባለ ነገር በነፃ የሚታደል ሊመስለው ይችላል። ቃሉን ለሚያውቀውም ቢሆን «ነፃ» ማለት ትልቅ ቃል መግባት ነው። በኮዴክስ ደረጃ አንድ ምግብ ከግሉተን ነፃ ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖርበት አይገባም። የስንዴ ዱቄት አንድ አሥረኛው ያህል ግሉተን ነው ብለን ብናሰላ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት 10 ኪሎ የጤፍ ዱቄትን ከዚህ ወሰን ታሻግረዋለች።

ይህ ስሌት ቦሌና ገርጂ፣ ሲኤምሲና አያት ባሉ ምግብ ቤቶች በየቀኑ የሚነገረውን «እንጀራ ግሉተን የለውም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይፈትነዋል። ጤፍ በተፈጥሮው የስንዴ ዓይነት ግሉተን የለበትም፤ እውነት ነው። እንጀራው ግን ጤፉ ብቻ አይደለም። የጤፍ ዋጋ ሲንር ገብስ፣ ሩዝ፣ ማሽላ ወይም ስንዴ የሚቀላቅል ጋጋሪ አለ። ንጹህ ጤፍ ቢሆን እንኳ የሰፈር ወፍጮ ቤት ከጤፉ በፊት የማን ስንዴ እንደፈጨ የሚያውቀው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት ከቀደመው ቅሪት ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። እርሾውም ካለፈው ሊጥ የተተረፈ ነው፤ ያለፈው ሊጥ ቅልቅል ከነበረ ዛሬም ከእሱ ይወርሳል። ስለዚህ እንጀራውን ከአከፋፋይ የሚገዛ ምግብ ቤት በሐቅ ሊጽፍ የሚችለው «የጤፍ እንጀራ፤ ስንዴና ገብስ ሊነካካው ይችላል» ነው። በእንጀራ ጋጋሪዋ ቃል ካልተማመነ «ስንዴ ወይም ገብስ ሊኖርበት ይችላል» ማለት ይበልጥ ይጠብቀዋል። «ግሉተን» የሚለውን ቃል ብቻውን መጻፍም አይበቃም፤ ብዙው አስተናጋጅ የሚያውቀው ስንዴን፣ ገብስን፣ በሶንና ቂንጬን ነው። እህሉ በስሙ ይጠራ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምርጡ ቃላችን ነው፦ የጾም።

ይህ ቃል በራሱ ሥራ ላይ እንከን የለውም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ያልገባበትን ገበታ በሦስት ፊደል ይለያል። ከየአገሩ የሚመጣ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላ ሰው አዲስ አበባን የሚወደው በዚህ ቃል ምክንያት ነው። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ለሥርዓተ ጾም የተሠራ ሆኖ ሳለ ለጤና ጥያቄ ሁሉ መልስ ሲደረግ ነው። እንግዳው «አለርጂ አለብኝ» ሲል አስተናጋጁ «አታስብ፣ የጾም ነው» ይለዋል። በእንግሊዝኛ «ፋስቲንግ ፉድ» ተብሎ ሲተረጎም ደግሞ እንግዳው ግራ ይገባዋል፤ በእሱ ቋንቋ ጾም ማለት ጭራሽ አለመብላት ነውና። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባለበት አገር የጾም ሜኑ ላይ ዓሣ መገኘቱም ለውጭ እንግዳው እንቆቅልሽ ነው።

አንድ የጾም በያይነቱ ተዘርግቶ እንየው። ሰፊ እንጀራ ላይ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሰላጣ አለ። ደግ የሆነ ቤት አዚፋ፣ ስልጆና የሱፍ ፍትፍት ይጨምራል። አንድ ፈረንሳዊ እንግዳ ሰናፍጭ አይስማማውም እንበል። በአውሮፓ ሕብረት ደንብ ሰናፍጭ መገለጽ ካለባቸው 14 ነገሮች አንዱ ነው፤ ያ ደንብ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በምግብ ቤት ሳህን ለሚቀርበውም ይሠራል። አዚፋው ከምስርና ከሰናፍጭ ነው። ስልጆውም የባቄላ ዱቄት፣ ሱፍና ሰናፍጭ ተዋህደው የሚብላሉበት ነው። ሁለቱም ለዓይን ምንም አይናገሩም፤ አንዱ ተራ ምስር፣ ሌላው ነጣ ያለ ማባያ ነው። ሁለቱም የጾም ናቸው። ባቄላም ለብቻው ታሪክ አለው። በደማቸው ውስጥ ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል፤ ይህ በሜዲትራኒያን ዳርቻና በመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች በብዛት ይታያል። ሽሮው ከሽምብራ ነው፣ ከአተር ነው ወይስ ባቄላ ገብቶበታል? ዱቄቱን ያስፈጨችው ሴት ታውቃለች። ሜኑው አያውቅም።

በያይነቱ ሌላም ጠባይ አለው፤ ተነጣጥሎ የቀረበ ይመስላል እንጂ አይነጣጠልም። የስልጆው ውኃ ወደ ጎመኑ ይፈሳል፣ ጭልፋው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ እንጀራው ሁሉንም ይጠጣል። ስለዚህ «ስልጆውን አንሡልኝ» ያለ እንግዳ ስልጆው በማንኪያ ተጠርጎ የተመለሰለት ትሪ ቢቀርብለት አልተጠበቀም። ትሪው ከመጀመሪያው በአዲስ እንጀራ መሠራት አለበት።

የጾም ማኪያቶም እንዲሁ ነው። የወተቱ ምትክ በአንዱ ቤት አኩሪ አተር፣ በሌላው ኦቾሎኒ ሊሆን ይችላል። ላም ያልነካው መሆኑ የተረጋገጠለት እንግዳ ኩባያው ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልተነገረውም።

ከእንግዳው ወገን የሚነሣም የቃል ችግር አለ። «አይስማማኝም» ጨጓራ ለሚያቃጥለውም፣ ሽታውን ለሚጠላውም፣ ሊሞት ለሚችለውም አንድ ቃል ነው። አስተናጋጁ በቀን አሥር ጊዜ ይሰማዋል፤ ዘጠኙ «ቃሪያ አይስማማኝም» ነው። ስለዚህ ሜኑው ራሱ ጥያቄውን በግልጽ ቢጠይቅ ይሻላል፦ «የሚያሳብጥዎ፣ ትንፋሽ የሚከለክልዎ ምግብ ካለ ከማዘዝዎ በፊት ይንገሩን።» ይህ ከ«አለርጂ ካለብዎ ያሳውቁ» የሚረዝም ቢሆንም ምን እንደሚፈለግ ለእንግዳውም ለአስተናጋጁም እኩል ይነግራል፤ በየትኛውም ቋንቋ ሲተረጎም ትርጉሙ አይስትም።

ሥዕል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ትክክልም ናቸው፣ ግን በሁኔታ። የአዲስ አበባ ሥጋ ቤት ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል። በሩ ላይ መስቀል ካለ የክርስቲያን፣ ጨረቃና ኮከብ ካለ የእስላም ሥጋ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረውም፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደውም አይሳሳትም። ሕንዶችም በታሸገ ምግብ ላይ ሥጋ የሌለበት መሆኑን በአረንጓዴ ነጥብ ያመለክታሉ። እነዚህ ምልክቶች የሚሠሩት አንድ ትርጉም ብቻ ስላላቸው ነው። ሜኑ ላይ የተሣለች የስንዴ ዘለላ ግን ሁለት ትርጉም ትሰጣለች፤ «ስንዴ አለበት» ነው ወይስ «ስንዴ ለማይበሉ የሚሆን»? የላም ሥዕል ወተት ነው ወይስ ሥጋ? ስለዚህ ሥዕል የመረጠ ቤት ሁሉም ሥዕል «አለበት» ብቻ እንዲል መወሰንና ከሥሩም ስሙን መጻፍ አለበት። በኦስትሪያ ምግብ ቤቶች እንደተለመደው ፊደል ብቻ አስቀምጦ ፍቺውን በሌላ ገጽ መጻፍም ይቻላል፤ የተራበ እንግዳ ግን ገጽ አይገልጥም።

አውሮፕላኑ ራሱ ሌላ ትምህርት አለው። ቦሌ ላይ የሚያርፍ መንገደኛ ልዩ ምግብ ካዘዘ ያዘዘው በአራት ፊደል ነው፤ `VGML` የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት፣ `GFML` ግሉተን ለማይስማማው፣ `MOML` ለሙስሊም መንገደኛ ነው። ኮዱ ዱባይም ሆነ ናይሮቢ አንድ ነው፤ ምክንያቱም ለመንገደኛው ሳይሆን ለወጥ ቤቱ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። የቦሌ ሜኑዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይህ ለወጥ ቤቱ የሚደርስ ትእዛዝ ነው። ማስጠንቀቂያው በአምስት ቋንቋ ቢያምርም አስተናጋጁ ወደ ወጥ ቤት የሚያስገባው ወረቀት ላይ «1 በያይነቱ» ብቻ ከተጻፈ እንግዳው የተናገረው በሩ ላይ ቀርቷል። «1 በያይነቱ፤ ሰናፍጭ አለርጂ፤ አዲስ ትሪ» ተብሎ በሌላ ቀለም ሲጻፍ ግን ሼፉ አዚፋና ስልጆ ያልነካውን ጭልፋ ያነሣል።

እንግዲህ አንዲት መስመር ተስተካክላ ትታይ። ድሮ «የጾም በያይነቱ» ብቻ ትል ነበር፤ በእንግሊዝኛ «ፋስቲንግ ፕላተር»። አሁን እንዲህ ትላለች፦ «የጾም በያይነቱ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልተጨመረበትም። ሰናፍጭ አለበት (አዚፋ፣ ስልጆ)። ባቄላ አለበት (ስልጆ፣ ሽሮ)። ስንዴና ገብስ ሊነካካው ይችላል (እንጀራ)። ያለ አዚፋና ያለ ስልጆ በአዲስ ትሪ ይሠራል።» በቅንፍ ያለው የቱ ላይ እንዳለ ስለሚናገር እንግዳው ምን ማስቀረት እንደሚችል ያውቃል። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ስሞቹ የገበያ ስሞች ስለሆኑ ወደ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ቻይንኛ የሚተረጉመው ሰው የሚስትበት ቦታ ጠባብ ነው። ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ፒናት»፣ በዐረብኛ «ፉል ሱዳኒ» ይጻፋል፤ «ነትስ» እና «ለውዝ» ይቀራሉ። ትርጉሙን ያ ቋንቋ አፍ መፍቻው የሆነና ምግቡን የቀመሰ ሰው አንድ ጊዜ ያንብበው።

የዊልሰን ታሪክ የሚያስተምረው የመጨረሻ ነገር ማስጠንቀቂያው የሚያልፍበት ቀን እንዳለው ነው። ያ ሰው የሞተው ዱቄቱ ተቀይሮ ትእዛዝ ላይ የሚጻፈው ቃል ስላልተቀየረ ነው። ዘይት አቅራቢው፣ ሽሮ አስፈጪዋ ወይም እንጀራ አምጪው በተቀየረ ቀን ሜኑው ውሸት ሊሆን ይችላል። የቤቱ ባለቤት ዕቃ ሲረከብ ከደረሰኙ ጋር «ውስጡ ምን ገብቶበታል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሼፉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ይህ ሁሉ ተደርጎም እንግዳ ከንፈሩ ካበጠና መተንፈስ ካቃተው ውኃ ማጠጣትና ማረፊያ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው። አድሬናሊን መርፌ ይዞ ከሆነ ወዲያው ጭኑ ላይ ይወጋ፤ አምቡላንስም ይጠራ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ካውንተሩ አጠገብ በትልቁ ይጻፍ።